ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ መርፌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት፦ ችግሩ ከየት ይጀምራል?

ቆላ_ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቆላማ ወረዳ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። አምስት ጤና ኬላዎች በሥራችን አሉ፤ ክፍሎቻችንም ባለሙያዎቻችንም ጥቂት ናቸው። ሰሞኑን የጽዳት ሠራተኛችን የመርፌ ክፍሉን ጥቁር ከረጢት አንስታ ወደ ቆሻሻ ጉድጓዱ ስትወስድ ከረጢቱ ባቷን ነካትና መርፌ ወጋት። በደንቡ መሠረት ያ ከረጢት ከወረቀት፣ ከካርቶንና ከምግብ ትራፊ በቀር ምንም ሊኖረው አይገባም ነበር።

«ሥልጠና ስጡ» እንዳትሉኝ እፈራለሁ። ተሰጥቷል። ጥቁር ለተራ ቆሻሻ፣ ቢጫ ለተላላፊ፣ ሴፍቲ ቦክስ ለስለታም የሚል ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ባለሙያዎቹን ብትጠይቋቸው ሳይሳሳቱ ይመልሳሉ። ሌላው ያስጨነቀኝ የሳጥኖቹ ጉዳይ ነው። ከሚገባው በላይ ቶሎ ይሞላሉ። ሲያልቁ መርፌው ባዶ የጓንት ካርቶን ውስጥ ይጣላል፤ ካርቶኑን ማን እንደሚያነሣውና የት እንደሚያደርሰው ደግሞ በውል የሚታወቅ ነገር የለም። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ይመስለኛል፤ በምን እንደተያያዙ ግን አልጠራልኝም። የገጠማችሁ ካላችሁ አካፍሉኝ።

ሲስተር_ማዋለጃ

ወንድሜ፣ ስለ ሳጥኑ ከማውራታችን በፊት ስለ ሴትየዋ ንገረን። ቁስሉ ታጥቧል? የኤች አይ ቪ መከላከያውን ጀምራለች? ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጠቅምም፤ በተወጉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚሻለው።

ቆላ_ነርስ

በዚያው ሰዓት በውኃና በሳሙና ታጥባ መድኃኒቱን ጀምራለች፤ 28 ቀኑን እስክትጨርስ እየተከታተልናት ነው። መርፌው የማን እንደነበረ ስለማይታወቅ መነሻውን ሰው መመርመር አልቻልንም። የጉበት ቫይረስ ክትባት ግን እንኳን ለእሷ ለእኔም አልተሟላልኝም።

ሲስተር_ማዋለጃ

እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው በወጣ መርፌ ከተወጉ ሺህ ሰዎች የሚያዙት ሦስት ያህል ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከመቶ እስከ ሠላሳ ሊደርስ ይችላል፤ ደሙ ደርቆም ቫይረሱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከረጢት ውስጥ ሰንብቶ የሚወጋ መርፌ በዋናነት የሚያሰጋው በዚህ ነው። ሦስቱን ክትባት በዜሮ፣ በአንድና በስድስት ወር አስጨርሷት፤ የመጀመሪያውን ዛሬ ነገ ሳትል አስጀምራት።

ላብራቶሪ_09

ቀላል መፍትሔ አለው። እኛ ጋ እያንዳንዱ ያገለገለ መርፌ መጀመሪያ 0.5 በመቶ የበረኪና ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይነከራል። አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውኃ ነው። ከዚያ በኋላ በስሕተት ጥቁሩ ውስጥ ቢገባ እንኳን ተህዋሲው ስለሞተ ችግር የለውም። ይህን ከተማርኩ ጀምሮ ስሠራበት ኖሬአለሁ።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

ላብራቶሪው ልጄ፣ ግማሹ ትክክል ነው። 5 በመቶውን በረኪና አንድ ለዘጠኝ የመበጥበጡ ስሌት ልክ ነው፤ ለመቀስ፣ ለመቆንጠጫና ተመልሶ ለሚሠራበት መሣሪያ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ነው። አንድ ጊዜ ተወግቶበት ለሚጣል ሲሪንጅ ግን አያስፈልግም፤ ጉዳትም አለው። ለመንከር መርፌውን ይዘህ አንድ ተጨማሪ ቦታ ትወስደዋለህ፣ ከዚያ ደግሞ እርጥቡን ታወጣዋለህ፤ ማለት አንዴ መነካት የነበረበት ሦስቴ ይነካል። ቀጭኑ የመርፌ ቀዳዳ ውስጥ አየር ስላለ በረኪናው በሚገባ አይገባም። እርጥብ ሲሪንጅ የሚገባበት ሴፍቲ ቦክስ ደግሞ ካርቶን ነው፤ ሥሩ ይበሰብስና ስታነሣው የያዘውን ሁሉ እግርህ ላይ ያፈሰዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጠያቂው ልምጣ። አንተ ሁለቱ ይያያዛሉ ብለህ ጠርጥረሃል፤ ልክ ነህ። ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። በወር ስንት መርፌ ይወጋል? ከመዝገብ አውጣልኝ፤ በግምት አትንገረኝ። ስንት ሳጥን ይዘጋል? ስንት ሳጥን ይመጣላችኋል? በመጨረሻም መርፌ ክፍሉ ውስጥ ባለሙያው ቆሞ ሲወጋ ሳጥኑ የት ነው፣ ጥቁሩ ባልዲስ የት ነው? የተሞላውን ሳጥን ግን ለማየት ብለህ እንዳትከፍት አደራ።

ወጣት_ጤና_መኮንን

ይቅርታ ጋሼ፣ ጉዳዩ የመርፌ መቁረጫ ባለመኖሩ ይመስለኛል። መሣሪያው መርፌውን ከሲሪንጁ አንገት ላይ ይቆርጠዋል፤ ስለታሙ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ይቀራል፤ ፕላስቲኩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሳጥን ጨርሶ አያስፈልግም።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

እሱን በኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ።

ቆላ_ነርስ

ጋሼ፣ የአንድ ወር መዝገብ ይዤ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። የማደባለቂያውን ሲሪንጅ ጨምሮ ክትባት ወደ 150፣ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ 70፣ የሕክምና መርፌ 180፣ ካኑላ 25፣ ለወባና ለኤች አይ ቪ ምርመራ ጣት መብጫ ላንሴት 200 ያህል። ጠቅላላው ወደ 625 ይመጣል። በዚያው ወር የተዘጉ ሳጥኖች 12 ናቸው። ከክትባቱ ጋር የመጡልን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የቀረውን ከወረዳ ለምነን፣ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ተበድረን ነው ያሟላነው።

ሳጥኑ ከመውጊያ አልጋው በስተጀርባ ጥግ ላይ ወለል ላይ ነው ያለው። ጥቁሩ ባልዲ በር አጠገብ ነው፤ ለበሽተኞችም ለእኛም ያው አንዱ ነው። ቢጫው ጠረጴዛ ሥር ነው።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ጽፈህ ጥያቄህን ራስህ መለስከው።

አምስት ሊትር የሚይዘው ሳጥን ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ይዘጋል፤ እስከዚያ አንድ መቶ ያህል ትንንሽ ሲሪንጅ ይይዛል። ላንሴቶቹ ከቁጥር አይገቡም፤ ሁለት መቶው ተደምሮ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው። እነሱን አውጣና 425 ሲሪንጅና ካኑላ ቀረህ። የሕክምናው መርፌ አምስትና አሥር ሚሊ ሊትር ስለሆነ ቦታ ይበላል፣ ለማሟሟት የሚውለውም አለ፤ ለዚህ አስፍተን ብናስብ ሰባት ሳጥን ይበቃሃል። አንተ የዘጋኸው 12 ነው። አምስቱ ሳጥን የያዘው ስለታም አይደለም ማለት ነው። ሳጥኑ እየተሠራበት ሳለ በባትሪ አፉን ብታየው የሲሪንጅ ልባስ ወረቀት፣ የመርፌ ቆብ፣ ጥጥ፣ ምናልባትም ሙሉ የመድኃኒት ብልቃጥ ታያለህ። የተዘጋውን ስታነሣም ይታወቅሃል፤ በወረቀት የሞላ ሳጥን ቀላል ነው።

ይህ የሚሆነው ባለሙያው ስለማያውቅ አይደለም። እጁ ሥራ ላይ ነው፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ ጥቁሩ ባልዲ በር አጠገብ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ይጨብጥና ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ቅርቡ ዕቃ ይጥለዋል። አንድ ቀን ቅርቡ ሳጥኑ ይሆናል፤ ወረቀት ሳጥኑን ይሞላዋል። ሌላ ቀን በሽተኛውን ወደ በሩ ሲሸኝ እግረ መንገዱን እጁ ላይ ያለውን ሁሉ በሩ አጠገብ ወዳለው ባልዲ ያራግፋል፤ መርፌው ከወረቀቱ ጋር ጥቁሩ ውስጥ ይገባል። ሴትየዋን የወጋት ይኸው ነው። ወረቀቱ ሳጥን ሲገባና መርፌው ከረጢት ሲገባ የተለያየ ጥፋት ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ዕቃው በተሳሳተ ቦታ በመቀመጡ የመጡ ናቸው።

እኔ ከቀለሙ ይልቅ የማስተምረው ቅደም ተከተሉን ነው። ከመውጋትህ በፊት ከእጅህ የሚወጣው ሁሉ፣ ልባሱም ቆቡም፣ ደም ስላልነካው ጥቁር ነው፤ በዚያው ቅጽበት ይጣል፣ አይከማች። ከወጋህ በኋላ እጅህ ላይ የሚቀረው ሲሪንጁ ብቻ ነው፤ ቆብ ሳትመልስ፣ መርፌውን ሳትነቅል፣ ጠረጴዛ ላይ ሳታሳርፍ ወደ ሳጥኑ ይገባል። ደም የነካው ጥጥ ቢጫ ነው። ቆቡ አስቀድሞ ከተጣለ የሚመለስበት ነገር ስለሌለ፣ ቆብ ሲመልሱ ጣት መወጋትም አብሮ ይቀራል።

ይህ እንዲሠራ ሳጥኑ ከባለሙያው ቀኝ እጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ወገቡ አካባቢ ከፍ ብሎ፣ አፉ እየታየው ይቀመጥ። ወለል ላይ አይሁን፤ ሲወለወል ይረጥባል፣ ሕፃንም ይደርስበታል። ሁለተኛ ጥቁር ባልዲ ከእግሩ አጠገብ ይቀመጥለት። የበሩ ባልዲ ለበሽተኛና ለአስታማሚ ብቻ ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ ከበሩ ውጭ አውጣው።

ወጣት_ጤና_መኮንን

ቆቡን ጥቁር ውስጥ ማለት ግን እኛ ከተማርነው ጋር ይጋጫል። ከመርፌው ጋር የመጣ ሁሉ ወደ ሳጥን ነው የተባልነው።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

ያለቀውን ሲሪንጅ ሙሉውን ከነመርፌው ወደ ሳጥን ማለታቸው ይሆናል፤ እሱ ልክ ነው። ቆቡ ንጹሕ ፕላስቲክ ነው። የወጋህበት ላይ መልሰህ ከሰካኸው ግን ከዚያ በኋላ ለማንሣት አትታገል፤ እንደተሰካ ሳጥን ይግባ።

እናት_ጽዳት

እኔ በሌላ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ የምትሉትን ሁሉ አነበብኩ። ባለሙያዎች ስለ ሳጥን ታወራላችሁ፤ ከረጢቱን የምንሸከመው እኛ ነን። እኔ ከረጢት የማነሣው በአፉ አስሬ፣ ከሰውነቴ አርቄ ነው። ከሥር አልደግፍም፣ ትከሻዬ ላይ አላደርግም፣ ለማሳነስ ብዬ በእጄም በእግሬም አልጫንም። ስሱ የምርመራ ጓንት ለእኛ ምንም አያደርግም፤ ወፍራሙን የላስቲክ ጓንትና ቦቲ ጫማ ስጡን። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ከሞላ ለማሰር ስል መጫኔ ስለማይቀር በጊዜ ጥሩኝ እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ከመርፌ ክፍሉ ይልቅ የምፈራው የማዋለጃ ክፍሉን ነው። እዚያ ያለው መርፌ አይታይም። ጨርቁ ከነደሙ ተጠቅልሎ ይሰጠኛል፤ የስፌት መርፌው ጨርቁ ውስጥ ነው።

ሲስተር_ማዋለጃ

እትዬ፣ እውነትዎን ነው። እኛ ጋ ሌሊት አዋልዶ፣ ሰፍቶ፣ ደክሞ ሲጨርስ ትሪው ላይ ያለው ሁሉ በአንሶላው ይጠቀለላል፤ የእትብት መቁረጫው ምላጭ፣ የተሰበረው አምፑል፣ የስፌት መርፌው፣ ጓንቱ፣ ጎዙ አንድ ላይ። ጠዋት የሚያገኘው ጽዳት ሠራተኛ ነው። በመጨረሻ ያስተካከልነው በአንድ ደንብ ነው፦ ስለታሙን የሚጥለው የተጠቀመበት ሰው ራሱ ነው፤ ጓንቱን ከማውለቁ በፊት፣ በመቆንጠጫ እያነሣ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ለዚህም ማዋለጃው የራሱ ሳጥን ያስፈልገዋል። ከመርፌ ክፍል ጋር በአንድ ሳጥን እንጋራ የሚባል ከሆነ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ሰፍቶ የጨረሰ ሰው በእጁ ምላጭ ይዞ ኮሪደር አያቋርጥም። የእንግዴ ልጁ ወደ ራሱ ጉድጓድ፣ ደም የጠጣው ጎዝ ወደ ቢጫው ነው።

የተሰበረ አምፑልም ስለታም መሆኑን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ብርጭቆ ስለሆነ ጥቁር ውስጥ ይጥሉታል።

ከሜሪላንድ

ሰላም፤ ጥያቄው ትንሽ ወጣ ያለ ከሆነ ይቅርታ። እናቴ ገጠር ናት፤ ስኳር ስላለባት ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ ትወጋለች። ባለፈው ክረምት ሄጄ ሳይ መርፌዎቹን ሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሰብስባ አገኘኋት፤ ሲሞላ ሽንት ቤት ጉድጓድ ትጨምረዋለች። የልጅ ልጆቿ ዙሪያዋ ይጫወታሉ። እኔ ያለሁበት በወፍራም የሳሙና ጀሪካን ሰብስቡ ይሉናል። እናቴ ሴፍቲ ቦክስ ከጤና ጣቢያው መጠየቅ ትችላለች?

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

ሳጥን ይስጡኝ ብትል ቢኖራቸው መልካም፤ የሳጥኑን እጥረት ግን ከላይ አንብበሃል። ሃይላንዱን ተዉት፤ ስስ ነው፣ ሲጨመቅ መርፌ ይበሳዋል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የበረኪና ወይም የፈሳሽ ሳሙና ወፍራም ዕቃ ይሻላል። ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ ለክትትል ስትሄድ ይዛው ትሂድና ከጤና ጣቢያው ሳጥኖች ጋር ይቃጠል። ሽንት ቤት ጉድጓድ መጨመሩ ሜዳ ላይ ከመጣል ይሻላል፤ ጉድጓዱ አንድ ቀን ሲዛቅ ወይም ሲደረመስ ግን መርፌው እዚያው ይገኛል።

ጠያቂያችንም ይህን ልብ ይበል፤ ሳጥን ሲያልቅ ከጓንት ካርቶን ይልቅ ባዶ የበረኪና ጀሪካን ይሻላል። «ስለታም፣ አይከፈት» ብላችሁ ጻፉበት፤ አፉን ቆርጣችሁ አታስፉት፤ አንዴ የገባበት ተገልብጦ ተመልሶ አይሠራበትም።

ላብራቶሪ_09

ጋሼ፣ ስለ በረኪናው ተቀብያለሁ። ግን ለደም መውሰጃው ሲሪንጅ ደሙን ወደ ቱቦ ካስገባሁ በኋላ ምን ላድርግ? መርፌውን ነቅዬ ነበር የምገፋው።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

መንቀል ካለብህ በእጅህ አትንቀል። ሳጥን ስታዝ አፉ ላይ መንቀያ ጥርስ ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ካገኘህ መልካም፤ ከሌለህ በመቆንጠጫ ነው። ቱቦዎቹን ግን መደገፊያ ላይ አቁማቸው እንጂ በግራ እጅህ ይዘህ አትውጋቸው።

የኬላዋ_ልጅ

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ስለ መርፌ ክፍል ተናገራችሁ፤ እኛ ጋ ግን ክትባቱ ዛፍ ሥር ነው የሚሰጠው። ከኬላው ሁለት ሰዓት በእግር ይሄዳል። የክትባት መያዣውን በአንድ ትከሻ፣ ሳጥኑን በሌላው እይዛለሁ። በአንድ ዙር ሳጥኑ ሩቡ እንኳን አይሞላም፤ ለሚቀጥለው ልመልሰው ወይስ ዘግቼ ልላከው? ብመልሰው በመንገድ ላይ ይገለበጣል፤ ብዘጋው ሳጥን አባከንሽ ይሉኛል። ሞልቶ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስልኝ የለም፤ በሕዝብ መኪና ይዤ ልገባ ስል ረዳቱ አወረደኝ። አልፈርድበትም።

ሲስተር_ማዋለጃ

እህቴ፣ እኛ ጋ ያለች አንዲት ባልደረባ ክዳን ያለው ባልዲ ተሰጥቷታል። ሳጥኑ ባልዲው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቢናወጥም የሚፈሰው ባልዲው ውስጥ ነው፣ ዝናብም አይነካውም። ግማሽ የሆነውን በዚህ መመለስ ትችያለሽ። የሳጥኑን ሥር ስትገጣጥሚ ደግሞ አራቱ ክንፎች እርስ በርሳቸው መቆለፋቸውን እያየሽ ይሁን፤ አብዛኛው የሚያፈስ ሳጥን በመጀመሪያ ሲታጠፍ ያልተቆለፈ ነው። ክትባት መያዣው ውስጥ ግን ቦታ ቢኖረውም ያገለገለ መርፌ እንዳታስገቢ።

ቆላ_ነርስ

የኬላዋ ልጅ ያነሣሽው የእኛም ጉድ ነው። ከአምስቱ ኬላዎች የሚመጣውን በወር አንዴ በጤና ጣቢያው ሞተር ብስክሌት በባልዲ ለመሰብሰብ አስበናል፤ ነዳጁን ከየት እንደምናወጣ ግን ገና አልታወቀም።

አሁን ያደረግነውን ልንገራችሁ። ሳጥኑን ከወለል አንስተን ከመውጊያው አጠገብ መደርደሪያ ላይ አደረግነው፤ ሁለተኛ ጥቁር ባልዲ ገባ፤ የበሩ ባልዲ ወደ ውጭ ወጣ። ማዋለጃው የራሱን ሳጥን አገኘ። ሳጥኑ ላይ የተጀመረበትን ቀን በእስክሪብቶ እንጽፋለን፤ ስንት ቀን እንደቆየ ከመዝገቡ ጋር አስተያይተን በመካከሉ ምን እንደገባ እናውቃለን። የመርፌ ክፍሉ ሳጥን ቀድሞ ከሚሞላበት ጊዜ ዕጥፍ ገደማ እየቆየ ነው። ማዋለጃው ግን አልተስተካከለም፤ የሌሊት ተረኞቹ አሁንም ይጠቀልላሉ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ በክትባት ልክ የሚመጣው ሁለት ሳጥን እንዴት ሰባት ይሆናል? ሁለተኛው፣ ባዶ ብልቃጦቹን የት እንጣላቸው? ሳጥን ውስጥ ካልገቡ ሌላ ቦታ የለኝም።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

የመጀመሪያው ግልጽ ነው። ክትባት ሲመጣ ሲሪንጁና ሳጥኑ በስሌት አብረው እንዲመጡ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከተስማሙ ከ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ስሌቱ ግን የክትባቱን መርፌ ብቻ ነው የሚያየው። የሕክምናው፣ የወሊድ መከላከያው፣ የላብራቶሪው ሳጥን በራሱ አይመጣም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያህ በየሁለት ወሩ በሚሞላው ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይ መግባት አለበት። ያንተ ቁጥር በሁለት ወር 14 ነው፤ ከክትባት አራት ይመጣል፤ አሥሩን ጠይቅ፤ መጠባበቂያም ጨምርበት። 12 በወር ብለህ ብትጠይቅ ኖሮ ወረቀት የሚሞላ ሳጥን ነበር የምታዝዘው።

ሁለተኛው ላይ ሰዎች አይስማሙም። ያልተሰበረ ብልቃጥ ስለታም አይደለም። ማቃጠያ ውስጥ ግን ይፈነዳል፣ መስታወቱም ቀልጦ ፍርግርጉን ይደፍናል፤ ስለዚህ እኔ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ለብቻው በጠንካራ ካርቶን ሰብስባችሁ የታጠረ የብርጭቆ ጉድጓድ ውስጥ ብትቀብሩ እመርጣለሁ። የኩፍኝና የቢሲጂ ብልቃጥ ሕያው ክትባት ስለያዘ በቢጫ ይሂድ የሚሉ አሉ፤ እነሱም ምክንያት አላቸው።

ሲስተር_ማዋለጃ

እኛ ጋ ሱፐርቪዥን የመጡ አንድ ጊዜ ሳጥን ውስጥ አድርጉት ብለው፣ ሌላ ጊዜ የመጡት ለምን አደረጋችሁ ብለውናል። ከወረዳችሁ በጽሑፍ አስወስኑት።

እናት_ጽዳት

ስለ ማቃጠያውም ልናገር፣ እኔ ነኝ የማነደው። ሁለት ክፍል ያለው የጡብ ማቃጠያ ነው። በደረቅ እንጨት በመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል አሙቄው፣ የጭስ ማውጫው ጥቁር ማጨሱን ሲተው ነው ሳጥን የማስገባው። የሙዝ ልጣጭና የእንጀራ ፍርፋሪ ከቢጫው ጋር ከመጣ እሳቱ ይሞታል። በማግስቱ አመዱን ስዝቅ የቀለጠ ፕላስቲክ ኳስ፣ መርፌው ከውስጡ ቀጥ ብሎ የወጣ አገኛለሁ። በደንብ የነደደ ቀን እንኳን መርፌው አይጠፋም፤ ይሰባበራል እንጂ፤ ስለዚህ አመዱን በአካፋ ወደ አመድ ጉድጓዱ ነው የምወስደው፤ ማዳበሪያ ይሁን ብለው የጠየቁኝም ነበሩ።

ወጣት_ጤና_መኮንን

እንግዲህ የመርፌ መቁረጫው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። መርፌው ተቆርጦ ለብቻው የስለታም ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ እትዬ ከአመድ ውስጥ አታገኘውም፤ የሚቃጠለውም ይቀንሳል፤ በቅጽ የምትጠይቀው ሳጥንም ወደ ሁለት ይወርዳል።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን

እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልቃወምህም። በኮንክሪት ጉድጓድ መርፌውን የሚያስቀምጡና ማቃጠያ የሌላቸው ቦታዎች ላይ ሲሠራ አይቻለሁ፤ በተለይ ለክትባት ሲሪንጅ። ነገር ግን ከወጉ በኋላ አንድ እጅ ሥራ ይጨምራል፣ ደም ይረጫል፣ ምላጩ ሲደነዝዝ መርፌው ታጥፎ ይቀራል፤ ከዚያ ባለሙያው በጣቱ ሊያወጣው ይሞክራል። መቁረጫው ሲበላሽ መለዋወጫ ከየት ይመጣል?

ሲስተር_ማዋለጃ

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እኔ አልቀበለውም። የስፌት መርፌና ምላጭ አይቆርጥም፤ ደሙም ብዙ ነው።

ወጣት_ጤና_መኮንን

ለክትባት ክፍሉ ብቻ ቢሆንስ?

ቆላ_ነርስ

ለክትባት ክፍሉ አንድ እንዲሰጡን ወረዳውን እጠይቃለሁ፤ የስለታም ጉድጓድ ግን የለንም። መጀመሪያ እሱ ካልተቆፈረ የተቆረጠውን መርፌ የት ልገለብጠው ነው? ለጊዜው አሥሩን ሳጥን በቅጹ አስሞልቻለሁ። ለሴትየዋ የመጀመሪያውን የጉበት ክትባት አግኝተናል፤ ለሌሎቹ ሠራተኞች የሚበቃ ግን የለም። ከዞን ያገኛችሁ ካላችሁ በምን ዓይነት ደብዳቤ እንደጠየቃችሁ ጻፉልኝ።

የኬላዋ_ልጅ

እኔም እጠብቃለሁ። የባልዲውን ነገር ለኃላፊዬ ነግሬ «ግዢና ደረሰኝ አምጪ» ተብያለሁ።